የወር የባንክ ስቴትመንት እንዴት ይነበባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስቴትመንት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ጻፍኩት፤ መልሶቹ ሁሉ የሚያያዙት ለማስረዳት ካዘጋጀሁት ከዚህ የአንድ ወር ምሳሌ ጋር ነው።

```
Date    Reference  Description      Debit     Credit    Balance
                   Opening Balance                    12,450.00
03 APR  FT25093..  MB TRF        6,000.00              6,450.00
03 APR  FT25093..  CHG              10.00              6,440.00
03 APR  FT25093..  VAT               1.50              6,438.50
19 APR  FT25109..  ATM WDL       3,000.00              3,438.50
19 APR  FT25109..  ATM WDL       3,000.00                438.50
24 APR  FT25109..  REV ATM WDL             3,000.00    3,438.50
29 APR  FT25119..  SAL                    14,200.00   17,638.50
30 APR             INT                        35.01   17,673.51
30 APR             WHT               1.75             17,671.76
                   Closing Balance                    17,671.76
```

ስቴትመንቱ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የቱን ልይ?

ከዝርዝሩ በፊት አናቱን እዩ። የሂሳብ ቁጥሩ የትኛው ነው? ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን ነው? ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ሁለትና ሦስት ሂሳብ አለው። አንዱ ደመወዝ የሚገባበት ነው፣ አንዱ ለልጆች የተከፈተ ነው። የአንዱን ስቴትመንት አስወጥቶ የሌላኛውን ገንዘብ ሲፈልግ የሚውል ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ቀኝ ጫፍ ውሰዱ። `Balance` የሚለው ዓምድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያነበው `Description` የሚለውን፣ ማለትም የግብይቱን መግለጫ ነው፤ እዚያ ያለው ምህጻረ ቃል ግራ ያጋባዋልና እዚያው ይቀራል። የቀኝ ጫፉ ዓምድ ግን ቁጥር ብቻ ነው፤ መደመርና መቀነስ ለሚችል ሰው ምንም ምስጢር የለውም።

Opening Balance የሚለው ብር ከየት መጣ? እኔ አላስገባሁም።

የገባ ገንዘብ አይደለም። ስቴትመንቱ በሚጀምርበት ቀን ማለዳ ላይ፣ ገና ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ ሂሳባችሁ ውስጥ የነበረው ብር ነው። በምሳሌው 12,450.00 ብር የሚለው ካለፈው ወር የተሻገረ ነው። ስለዚህ የወሩን ገቢ ስትደምሩ እሱን እንዳትጨምሩት።

ማጣራት ከፈለጋችሁ ያለፈውን ወር ስቴትመንት አውጡ። የዚያኛው `Closing Balance` ከዚህኛው `Opening Balance` ጋር እስከ ሳንቲሙ ድረስ አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቀን ነው። አንዱ እስከ 30 ድረስ ወጥቶ ሌላው ከ2 ጀምሮ ከሆነ፣ በመሃል አንድ ቀን ተዘሏል።

ስቴትመንቱ ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ ደግሞ `C/F` እና `B/F` የሚሉ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው በገጹ መጨረሻ ያለ «ወደሚቀጥለው የዞረ» ነው። ሁለተኛው በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ያለ «ካለፈው የዞረ» ነው። ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው። ካልገጠሙ መሃል ላይ ገጽ ጎድሏል ማለት ነው፤ የተቀደደ ወይም ሳይታተም የቀረ ወረቀት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ዴቢትና ክሬዲት የቱ ነው የሚወጣው?

በስቴትመንታችሁ ላይ `Debit` ወይም `DR` ማለት ከሂሳባችሁ የወጣ ነው። `Credit` ወይም `CR` ማለት የገባላችሁ ነው። ለአንባቢ ይሄ ይበቃል።

የሂሳብ አያያዝ የተማሩ ሰዎች ግን እዚህ ላይ ይደናገራሉ። በትምህርት ቤት ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ዴቢት ነው ተብለዋልና። ልክ ናቸው፤ ግን ስቴትመንቱ የእናንተ መዝገብ አይደለም፤ የባንኩ ነው። ለባንኩ የእናንተ ገንዘብ ዕዳ ነው። ብር ስታስገቡ የባንኩ ዕዳ ስለሚጨምር ክሬዲት ብሎ ይጽፈዋል።

ቀኖቹ ለምን ከኔ ቀን ጋር አይገጥሙም?

ባንኮቻችን ውስጥ ሲስተሙ የሚሠራው በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ምሳሌው የአፕሪል 2025 ነው። በእኛ ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «የሚያዝያን ስጡኝ» ብላችሁ አፕሪልን ብቻ ካወጣችሁ፣ የሚያዝያ የመጨረሻዎቹ ስምንት ቀናት አይኖሩበትም። ስለዚህ ስትጠይቁ ከቀን እስከ ቀን ቆርጣችሁ ንገሯቸው።

አንዳንድ ስቴትመንት ሁለት ቀን አለው። አንዱ ግብይቱ የተመዘገበበት ነው። ሌላኛው `Value Date` ነው፤ ብሩ ለወለድ መታሰብ የሚጀምርበት ወይም የሚያቆምበት ቀን። ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። የሚለያዩት ቼክ ስታስገቡ ወይም ባንኩ የተሳሳተ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያስተካክል ነው። ይሄ ልዩነት ገንዘብ እንደሚያመጣ ከታች ወለድ ላይ እናየዋለን።

Balance የሚለው ዓምድ በየመስመሩ የሚቀያየረው ለምንድነው? እንዴትስ አጣራዋለሁ?

እያንዳንዱ መስመር ካለፈ በኋላ እጃችሁ ላይ የቀረውን ይናገራል። አሠራሩ አንድ ብቻ ነው፦ ከላይ ያለው ቀሪ፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው፣ እዚህ ያለውን ቀሪ ይሰጣል። ማስመሪያ ወይም የታጠፈ ወረቀት ከመስመሩ በታች አስቀምጡና አንድ በአንድ ወደታች ውረዱ። 12,450.00 ሲቀነስ 6,000.00፣ 6,450.00 ነው። ሲቀነስ 10.00፣ 6,440.00 ነው። ሲቀነስ 1.50፣ 6,438.50 ነው። ልክ በሆነው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ለመስመር በመስመር ጊዜ ከሌላችሁ በጅምላ ሥሩት። በምሳሌው የወጣው ሁሉ ሲደመር 12,013.25 ነው፤ የገባው 17,235.01 ነው። መነሻው 12,450.00 ላይ የገባውን ደምራችሁ የወጣውን ስትቀንሱ 17,671.76 ይመጣል። ከመዝጊያው ጋር ገጠመ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ባላንሱ መግጠሙ የሚያሳየው ማሽኑ መደመሩን ነው። የሌላ ሰው ክፍያ በስህተት ከእናንተ ላይ ቢነሳም ድምሩ ይገጥማል። ስለዚህ ድምሩን ካጣራችሁ በኋላ «ይሄን እኔ አድርጌዋለሁ ወይ?» የሚለውን ለየብቻ መጠየቅ አለባችሁ።

በስልኬ ሳየው ባላንሱ አይገጥምልኝም። ለምን?

ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ብዙ የሞባይል ባንኪንግ መተግበሪያዎች አዲሱን ከላይ ያደርጋሉ፤ ከቅርንጫፍ የሚታተመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን ከላይ ያደርጋል። ከላይ ወደታች ስትቀንሱ የነበረው ድምር በሙሉ ተገልብጧል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ብቻ ብታዩ አቅጣጫውን ታውቁታላችሁ።

እነዚህ ምህጻረ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ሁሉም ባንክ የራሱ አጻጻፍ አለው፤ ግን ቃላቱ ከጥቂት ቤተሰብ ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ገንዘቡ ያለፈበትን መንገድ ፈልጉ። `MB` ሞባይል ባንኪንግ ነው። `ATM` ይታወቃል። `POS` በሱቅና በሆቴል ካርድ የሚገባበት ማሽን ነው። `CHQ` ቼክ፣ `CPO` ያው ሲፒኦ ነው። `RTGS` ካያችሁ ገንዘቡ በብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት በኩል ወደ ሌላ ባንክ ሄዷል ወይም ከሌላ ባንክ መጥቷል።

ቀጥሎ የሆነውን ነገር ፈልጉ። `TRF` ማስተላለፍ፣ `WDL` ወጪ፣ `DEP` ተቀማጭ፣ `SAL` ደመወዝ ነው። `SO` በየወሩ ራሱ እንዲቆረጥ አስቀድማችሁ ያዘዛችሁት ክፍያ ነው። `CHG`፣ `COMM` እና `S/C` ሁሉም የአገልግሎት ክፍያ ናቸው። `WHT` ተቀናሽ ግብር ነው። `REV` ደግሞ የተሰረዘና የተመለሰ ነው። ሁለቱን ክፍል ስታገናኙ `ATM WDL` ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ታነቡታላችሁ።

አሳሳቹ `INT` ነው። ብዙ ጊዜ ወለድ ነው። አንዳንድ ቦታ ግን «ኢንተርኔት» ወይም በአንድ ባንክ ውስጥ ያለ ማስተላለፍን ለማሳጠር ይገባል። የሚለየው በዓምዱና በቁጥሩ ነው። ወር መጨረሻ ላይ ክሬዲት ሆኖ ሳንቲሙ ያልተሟላ ትንሽ ቁጥር ከሆነ ወለድ ነው። ዴቢት ሆኖ ድፍን 5,000.00 ከሆነ ወለድ ሊሆን አይችልም። የብድር ሂሳብ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ወለዱ የሚከፈለው ከእናንተ ነው።

FT ብሎ የሚጀምረው ረጅም ቁጥር ጥቅሙ ምንድነው?

በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ አይታችሁት ይሆናል። `FT` ገንዘብ ማስተላለፍ ማለት ነው። በቅርንጫፍ መስኮት የተሠራ ከሆነ `TT` ብሎ ይጀምራል። ይሄ ቲ24 የሚባለው የባንክ ሲስተም አሰጣጥ ነው። ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጅ ዓመት ናቸው። ከዚያ ያሉት ሦስቱ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። ቀሪዎቹ አምስት ፊደላትና ቁጥሮች የዚያ ግብይት የራሱ መለያ ናቸው።

በምሳሌው `FT25093` ን እንፍታው። 25 ማለት 2025 ነው። 093 ማለት 93ኛው ቀን። ጃንዋሪ 31፣ ፌብሯሪ 28፣ ማርች 31 ሲደመሩ 90 ናቸው፤ ሦስት ሲቀር አፕሪል 3 ነው። ከቀኑ ዓምድ ጋር ገጠመ። አሁን አፕሪል 24 ላይ ያለውን `REV` እዩ። ቁጥሩ `FT25109` ነው የሚለው፤ 109ኛው ቀን አፕሪል 19 ነው። የተመለሰው የአፕሪል 19 ገንዘብ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ተናገረ። ሁሉም ባንክ ተመላሹን በድሮው ቁጥር አይመዘግብም፤ ሲያደርገው ግን ሥራችሁን በጣም ያቀለዋል።

ፍሌክስኩብ የሚባለውን ሲስተም የሚጠቀም ባንክ ደግሞ 16 አሃዝና ፊደል ያለው ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት የቅርንጫፉ መለያ ናቸው፤ አራቱ የአገልግሎቱ ዓይነት፤ አምስቱ እንደ ላይኛው ዓመትና ቀን፤ የመጨረሻዎቹ አራት ተራ ቁጥር።

አንድ ጊዜ ላኩ፤ ለምን ሦስት መስመር ተጻፈ?

ባንኩ ክፍያውን፣ የአገልግሎት ዋጋውንና ግብሩን ለየብቻ ስለሚጽፍ ነው። በምሳሌው የቤት ኪራይ 6,000.00 ብር ተላከ። ከሥሩ 10.00 ብር የአገልግሎት ክፍያ ተቆረጠ። ከሥሩ ደግሞ 1.50 ብር ቫት። ቫቱ የ10 ብሩ 15 በመቶ ነው፤ የተላከው 6,000 ላይ የተጣለ አይደለም። ሦስቱም አንድ `FT` ቁጥር ስላላቸው አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ይታወቃል።

ሦስቱ መስመሮች ሁልጊዜ ተከታትለው አይመጡም። በመሃል ሌላ ግብይት ሊገባ ይችላል። ያኔ 1.50 ብሯ ብቻዋን ቆማ ታገኟታላችሁ፤ «ማን ቆረጠኝ?» ከማለታችሁ በፊት ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን መስመር ፈልጉ።

ኤቲኤሙ ብር ሳይሰጠኝ ቆረጠብኝ። ስቴትመንቱ ላይ እንዴት አገኘዋለሁ?

ምሳሌው ይሄንኑ ይዟል። የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ አፕሪል 19፣ ሚያዝያ 11። ሰውየው በግ ሊገዛ 3,000 ብር አዘዘ። ማሽኑ ገንዘብ የሚቆጥር ድምፅ አሰማ፤ ብሩ ግን አልወጣም። ሌላ ማሽን ሄዶ ደገመው፤ አሁን ወጣ። ስቴትመንቱ ላይ ሁለት `ATM WDL` አለ፤ በአንድ ቀን፣ በእኩል ብር። ባላንሱ 438.50 ድረስ ወርዷል። የበዓል ሰሞን ለደረሰበት ሰው ይሄ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ።

መፈለግ ያለባችሁ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች `REV` የሚል ክሬዲት ነው። ብሩ እስከ ሳንቲሙ እኩል መሆን አለበት። እዚህ ከአምስት ቀን በኋላ መጥቷል። ካልመጣ በራሱ ይመለሳል ብላችሁ ወሩን አትጠብቁ፤ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አመልክቱ። ሁለቱ መስመሮች እኩል ብር ስለሆኑ የቱ እንደከሸፈ ከስቴትመንቱ ብቻ አይለይም። ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቦታና ማሽኑ የሰጣችሁን ወረቀት ያዙ። የሌላ ባንክ ማሽን ከነበረ ጉዳዩ በሁለት ባንኮች መካከል ስለሚመላለስ ይረዝማል፤ ማመልከቻችሁን ግን የምትሰጡት ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው።

ወለዱ ለምን እንዲህ አነሰ?

ባንኩ በየትኛው ባላንስ ላይ እንዳሰላ ይወስነዋል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የየዕለቱን ቀሪ እየወሰደ ያሰላል። ሌላው በወሩ ውስጥ ዝቅተኛ የነበረውን ቀሪ ብቻ ይወስዳል። ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በዓመት 7 በመቶ አድርጎታል፤ ምሳሌውን በእሱ ሠርቼዋለሁ። በየዕለቱ ቀሪ ሲታሰብ 35.01 ብር ይመጣል። በዝቅተኛው ቀሪ ቢሆን ግን 438.50 ላይ ብቻ ታስቦ 2.56 ብር ይሆን ነበር። ያው ሂሳብ፣ ያው ወር ነው። የእናንተ በየትኛው እንደሚሠራ የሂሳብ መክፈቻ ውሉን ጠይቁ። ወለዱን በየወሩ የማይመዘግብ፣ በዓመት ሁለቴ የሚመዘግብም አለ፤ ስለዚህ በአንድ ወር ስቴትመንት ላይ አለመኖሩ ብቻውን ስህተት አይደለም።

ከሥሩ ያለው `WHT` በወለዱ ላይ የተቆረጠ ግብር ነው። 1.75 ብር የ35.01 አምስት በመቶ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለቁጠባ ወለድ ያስቀመጠው ምጣኔ ነው። በእናንተ ስቴትመንት ላይ ስንት እንደተቆረጠ ለማወቅ ግብሩን ለወለዱ አካፍሉት።

ቅድም ያልኳችሁ `Value Date` የሚገባው እዚህ ነው። ያ ያልወጣው 3,000 ብር አፕሪል 24 ተመለሰ። የተመለሰው በአፕሪል 19 `Value Date` ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ጭራሽ እንዳልወጣ ተቆጥሮ ወለዱ 37.89 ይሆን ነበር። የ2.88 ብር ልዩነት ትንሽ ነው። በትልቅ ብርና በረጅም ጊዜ ግን ይሰማል፤ ጥፋቱ የባንኩ ከሆነ ደግሞ የመጠየቅ መብታችሁ ነው።

ስቴትመንቱ ላይ ያለው ብርና ማውጣት የምችለው ለምን ይለያያል?

ስቴትመንቱ የሚያሳየው የተመዘገበውን ነው። የታገደ ብር መስመር ሆኖ አይታይም። ባንኩ ለዋስትና የያዘው፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተከለከለ፣ ሂሳቡ እንዳይዘጋ የግድ መቅረት ያለበት ዝቅተኛ ቀሪ፣ ሁሉም ባላንሱ ውስጥ አሉ፤ ማውጣት ግን አትችሉም። ገና ያልጸደቀ ቼክም እንደዚሁ ነው። መስኮቱ ላይ «ባላንሴ ስንት ነው?» ከማለት «አሁን ማውጣት የምችለው ስንት ነው? የታገደስ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጭራሽ የማላውቀው መስመር አገኘሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቀኑን ከ`FT` ቁጥሩ ፍቱትና ያን ቀን የት እንደነበራችሁ አስታውሱ። ካርድ የገባበት ሱቅ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በበሩ ላይ ባለው ስም አይደለም፤ በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ነው። አንዲት ጎረቤቴ የማታውቀው ድርጅት 1,840 ብር ወሰደብኝ ብላ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥታለች። ድርጅቱ ልጇን ጫማ የገዛችበት ሱቅ ባለቤት ነበር።

ካላስታወሳችሁት ለባንኩ ብሩን ብቻ አትንገሩ። በዚያ ቀን በዚያ ብር ብዙ ሰው አስተላልፏል። ሙሉውን የማጣቀሻ ቁጥር ስጡና የተቀባዩን ስምና ግብይቱ በየት በኩል እንደተፈጸመ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። መስመሩ `MB` ብሎ ከጀመረና እናንተ ካልላካችሁ ግን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። መጀመሪያ ወደ ባንኩ የጥሪ ማዕከል ደውላችሁ ሞባይል ባንኪንጉን አዘጉ፤ `ATM` ወይም `POS` ከሆነ ካርዱን። ስቴትመንቱን ይዛችሁ ቅርንጫፍ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉ፤ አንደኛው ላይ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ወደ ቤት ይዛችሁት ተመለሱ።